መጋዘናችን ስንት ኩንታል ይይዛል?

የእህል ርዳታ ከመድረሱ በፊት ሁልጊዜ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «መጋዘናችሁ ስንት ኩንታል ይይዛል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱን ያለ ስሌት የሰጠ ሰው በኋላ ይጸጸታል። እኛም በምዕራብ ዓባያ ወረዳ ይህ ደርሶብናልና ያየነውንና የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ከብርብር ከተማ ወጣ ብሎ የምንጠቀምበት መጋዘን በሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ሲሆን ግድግዳው እስከ ጣሪያው መነሻ ድረስ 3 ሜትር ከፍታ አለው። በሩ በረጅሙ ግድግዳ መካከል ላይ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ቅርብ ስለ ሆነ መኪና እስከ በሩ ይደርሳል።

መጀመሪያ የተጠየቅን ጊዜ እንዲህ አሰላን። 10 ሲባዛ በ6 ሲባዛ በ3 የክፍሉ ይዘት 180 ሜትር ኩብ ይሆናል። 100 ኪሎ በቆሎ የያዘ አንድ ጆንያ ተጋድሞ ሲለካ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህም 0.15 ሜትር ኩብ ማለት ነው። 180 ለ0.15 ሲካፈል 1,200 ኩንታል ይመጣል። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ ያለው በአስተሳሰቡ ላይ ነው። ጎተራ እስከ አፉ ይሞላል፣ እህሉ በውስጡ ይፈስሳልና። መጋዘን ግን ጎተራ አይደለም። ጆንያ የሚያስገባና የሚያወጣ ሰው መቆሚያ፣ እህሉም መተንፈሻ ያስፈልገዋል።

ከግድግዳ መራቅ

በመጀመሪያው ዓመት ጆንያውን እስከ ግድግዳው አስጠግተን ደረደርን። በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ሲበረታ ግድግዳው ከውጭ ረጠበ። እርጥበቱም በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ ግድግዳውን የነካውን ጆንያ ሁሉ አሻገተ። ከፊት ለፊት ሲታይ ክምሩ ደኅና ነበር፤ ጉዳቱን ያየነው ከኋላ ያለውን ስናወጣ ነው። ነቀዙም የጀመረው እኛ ልናይ ከማንችልበት ከዚያው ከግድግዳው በኩል ነበር። ጥፋቱ የሌላ የማንም አልነበረም፣ የራሳችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ 1 ሜትር ባዶ እንተዋለን። ይህ ስፋት አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ እንዲዞር፣ ወለሉን እንዲጠርግና ክምሩን ከአራቱም ጎን እንዲቆጥር ያስችለዋል። እንግዲህ ከ10 ሜትሩ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሜትር ሲቀነስ 8 ይቀራል፤ ከ6 ሜትሩም እንዲሁ ሲቀነስ 4 ይቀራል።

ሁለተኛው ባዶ ቦታ ከበሩ ጀምሮ ክፍሉን የሚያቋርጠው መካከለኛው መተላለፊያ ነው። አንድ ተሸካሚ ኩንታል በትከሻው ይዞ ሲገባ ሌላው ባዶውን ይወጣል፤ ሁለቱ ሳይገፋፉ እንዲተላለፉ 2 ሜትር ሰጥተነዋል። ስለዚህ ከ8 ሜትሩ 2 ሲወጣ 6 ይቀራል፤ ለሁለት ሲከፈል በመተላለፊያው ግራና ቀኝ እያንዳንዱ 3 በ4 ሜትር የሆነ ሁለት የክምር ቦታ ይገኛል።

ይህን ቦታ በወለሉ ላይ በነጭ ቀለም አስምረነዋል። መኪና ሲመጣ ጫኝና አውራጆች ይቸኩላሉና መሥመሩ ከሌለ መተላለፊያው ከመጀመሪያው ሰዓት አያልፍም።

በአንዱ ድርድር ስንት ይገባል?

በ3 በ4 ሜትር ቦታ ላይ የጆንያውን ርዝመት በ4 ሜትሩ በኩል ብናጋድመው በርዝመት 4፣ በወርድ 5 ይገባል፤ ይህም 20 ጆንያ ነው። ሁለተኛውን ድርድር ግን በዚያው አኳኋን ብንደግመው ክምሩ ጎን ለጎን የቆሙ ዓምዶች ይሆንና አንዱ ሲዘም ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ እንደ ግንበኛ ማጠላለፍ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ድርድር 15ቱን ጆንያ አዙረን ርዝመታቸውን በ3 ሜትሩ በኩል እናደርጋለን። የቀሩትን 5 ደግሞ እንደ በፊቱ አቅጣጫ ከ15ቱ መካከል እናስገባቸዋለን። አሁንም ድምሩ 20 ነው። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው፣ አራተኛው እንደ ሁለተኛው ሆኖ ይቀጥላል።

አምስቱን በዳር ሳይሆን በመካከል የምናስገባበት ምክንያት አለው። በዳር ቢሆኑ ከታች ካሉት አምስት ጆንያዎች ጋር ልክ በልክ ይገጥሙና ያ ዳር ሳይያያዝ ይቀራል።

እያንዳንዱ ድርድር እኩል 20 መሆኑ ለቆጠራም ይጠቅማል። የድርድሩን ብዛት ከጎን ቆጥሮ በ20 ማባዛት ይበቃል። አንድ ጆንያ ቢጎድል ጉድጓዱ ከላይ ይታያል።

ጆንያ ግን እንደ ጡብ ልኩ አንድ አይደለም። የእናንተን ልክ ለማወቅ አምስት የተሞሉ ጆንያዎችን ጎን ለጎን አጋድማችሁ ጠቅላላውን በሜትር ለኩና ለአምስት አካፍሉ። ውፍረቱንም አንዱን ብቻ በመለካት አትወስኑ፤ ከታች ያለው ክብደት ሲያርፍበት ይሳሳልና ጥቂቱን ደራርባችሁ ለክታችሁ አካፍሉ።

ከፍታው የት ይቆማል?

ቆላ ስለ ሆንን ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከሥሩ ጤዛ ያወጣል። ስለዚህ ክምሩ ከግድግዳው ጫፍ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከታችም ጆንያ ባዶ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የእንጨት ርብራብ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ከ3 ሜትሩ ከላይ 1 ሜትር፣ ከታች 15 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ 1 ሜትር ከ85 ይቀራል። ይህ ለ25 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 7 ድርድር ሆኖ ጥቂት ይተርፋል። የተረፈችው ግማሽ ድርድር አትሞላምና ይተዋታል።

ጣሪያው ከፍ ያለ መጋዘን ያላቸው ወገኖች ሌላ ነገር ይጠንቀቁ። የቃጫ ጆንያ ሻካራ ስለ ሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የፕላስቲኩ ማዳበሪያ ግን ይንሸራተታል። እኛ የፕላስቲኩን ቦታ ቢኖርም እንኳ ከ3 ሜትር በላይ አንደረድርም።

ውጤቱ

20 ጆንያ በ7 ድርድር 140 ነው፤ ሁለቱ ክምር በአንድነት 280 ኩንታል ይሆናሉ። ወደ ግድግዳው ብናስጠጋው ኖሮ እያንዳንዱ ክምር 4 በ6 ሜትር ይሆንና ጠቅላላው 560 ይደርስ ነበር። በግድግዳው ዙሪያ የተውነው አንድ ሜትር የመጋዘኑን ግማሽ ወሰደ ማለት ነው። ሰው ሁሉ እስከ ግድግዳው ሊያስጠጋ የሚፈተነው ስለዚህ ነው፤ እኛም የተፈተንነው በዚሁ ነበር።

አሁን ቁጥሩን ወደ ሰው እንመልሰው። በአገራችን በተለመደው የርዳታ መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይሰጣል። 280 ኩንታል 28,000 ኪሎ ነውና ለ1,866 ሰው የአንድ ወር ቀለብ ይሆናል። በመጀመሪያው ሒሳባችን 1,200 ኩንታል ይገባል ብለን ብንመዘግብ ኖሮ ለ8,000 ሰው ቃል በገባን ነበር። ከ6,000 የሚበልጠው እህሉ የሚያርፍበት ቦታ ሳይኖር በስም ዝርዝር ላይ ብቻ ይቀር ነበር።

ደግሞም ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭን አንድ መኪና ቢላክልን እንኳ ሁሉን ማስገባት አንችልም። 120 ኩንታል ደጅ ያድራል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ደብዳቤ «በአንድ ጊዜ 280 ኩንታል፣ የሚቀጥለው የፊተኛው ከታደለ በኋላ» የሚል ነው።

እህሉ ከገባ በኋላ በየሳምንቱ እንዞራለን። እጅን በጆንያዎች መካከል አስገብቶ ሙቀት መስማት፣ የሻጋታ ሽታ መኖሩን ማሽተት፣ በክምሩ ሥር ነጭ ዱቄት መውደቁን ማየት ይበቃል። ዱቄቱ የነቀዝ ምልክት ነው። ሲወጣም ከላይ ጀምሮ በደረጃ ይወርዳል፤ ከሥር የሚስብ ሰው ክምሩን በራሱ ላይ ይጥላል።

ሲሚንቶ ቢሆንስ?

በዚሁ 3 በ4 ሜትር ቦታ 50 ኪሎ የሚመዝነውን የሲሚንቶ ከረጢት እንደርድር። ተጋድሞ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በአንዱ ድርድር 50 ይገባል። እዚህ ላይ ግን ከፍታውን የሚወስነው ጣሪያው ሳይሆን የታችኛው ከረጢት ነው። ከ10 ከረጢት በላይ አይደረብም። በ10 ድርድር ከሥር ያለው 450 ኪሎ ይሸከማል፤ ከዚያ ቢበዛ ዱቄቱ ተጨቁኖ ይጠጥራል። ስለዚህ አንዱ ክምር 500፣ ሁለቱ 1,000 ከረጢት ይሆናሉ። ክብደቱ 500 ኩንታል ሆኖ ሳለ ከፍታው 1 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ባለሙያ ያልሆነ ሰው «ከላይ ቦታ አለ» እያለ የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

እህል በዙሪያው አየር ይወዳል፤ ሲሚንቶ ግን የአየር እርጥበት ይጎዳዋል። ስለዚህ ከግድግዳ አርቀን፣ ከርብራብ ላይ አኑረን፣ ከረጢቱን እርስ በርሱ አጠጋግተን በፕላስቲክ እንሸፍነዋለን። የመጀመሪያው ክምር ሳያልቅ ሁለተኛው አይነካም፤ ከ3 ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ኃይሉ ይቀንሳልና። የጠጠረውን ለመለየት ከረጢቱን ወለል ላይ አንከባሉት። እብጠቱ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ የክብደት ጭቆና ብቻ ነው፤ የማይፈርስ ከሆነ እርጥበት አግኝቶታልና ለዓምድና ለወራጅ አይሁን።

ሲሚንቶና እህልን በአንድ ክፍል አታስቀምጡ፤ ብናኙ እህሉን ያበላሻል። ሌላ ክፍል ከሌላችሁ እህሉ እስኪታደል ሲሚንቶው ሻጩ ዘንድ ይቆይ።

አሁን ሜትራችሁን ይዛችሁ ወደ መጋዘናችሁ ግቡ። ርዝመትና ወርዱን ለኩ፤ የግድግዳውን ዙሪያና መተላለፊያውን ቀንሱ፤ የአንዱን ድርድር ቁጥር አግኙ፤ ከፍታውን ወስናችሁ አባዙ። ያገኛችሁትን ቁጥር በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጻፉት። የሚቀጥለው መኪና ሲመጣ ከሾፌሩም ከተሸካሚውም ጋር ክርክር አይኖርባችሁም።