ከአርብ በኋላ የመጣው ሰኞ፦ የምንዛሪ መዋዠቅ ለምን ተከታትሎ ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ማታ በብሪታንያ የድምፅ መስጫ ጣቢያዎች ሲዘጉ አንድ ፓውንድ 1.50 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ገበያው አገሪቱ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንደምትቆይ ገምቷል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ከሰንደርላንድ ከተማ የመጣው ውጤት ግን ግምቱን አናጋው፤ ፓውንድ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ተንደረደረ። ሊነጋ ሲል ከ1.33 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ ይህም ከ1985 ወዲህ ያልታየ ዋጋ ነው። አርብ ማታ ገበያው ሲዘጋ ከሐሙስ መዝጊያው 8 በመቶ ገደማ ቀንሶ 1.37 አካባቢ ቆመ። ለንደን ውስጥ 1,000 ፓውንድ የያዘ ሰው ገንዘቡ በዶላር ሲታሰብ በአንድ ቀን 120 ዶላር ያህል ጎደለበት።

ብዙዎች የሚያስታውሱት ያንን አርብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የተከተለው ሰኞ ነው። ውጤቱ ከታወቀ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሆኖም ሰኞ ፓውንድ እንደገና ከ3 በመቶ በላይ ወረደ። በሰላሙ ጊዜ የፓውንድና የዶላር ተመን በቀን የሚንቀሳቀሰው ግማሽ በመቶ አካባቢ ብቻ ነው።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የየትኛውንም በነፃ የሚገበያይ ገንዘብ ዕለታዊ ለውጥ በወረቀት ላይ ብንስለው፣ ጸጥ ያሉ ሳምንታት አንድ ላይ፣ የተረበሹ ሳምንታትም አንድ ላይ ተሰባስበው እናያለን። ቤኖዋ ማንደልብሮት የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1963 የጥጥ ዋጋን ሲያጠና ይህንኑ አስተውሏል፦ ትልቅ ለውጥን ትልቅ ለውጥ ይከተለዋል፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ግን አይታወቅም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የነገው ተመን ይወጣል ወይስ ይወርዳል ብሎ ዛሬን መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ነገ ምን ያህል ይንቀሳቀሳል ለሚለው ጥያቄ ግን ዛሬ መልስ አላት።

ምክንያቱ ከገበያው ሰዎች አሠራር ይነሳል። አንድ ትልቅ ወሬ በአንድ ጊዜ አይዋጥም። አንዱ ባንክ በዚያው ሌሊት ይሸጣል፤ የጡረታ ፈንዱ ቦርዱ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል፤ አስመጪው ውሉን የሚያድሰው በሳምንቱ ነው። የአንዱ ሽያጭ ለሌላው አዲስ ወሬ ስለሚሆን ረብሻው ራሱን እየመገበ ይቆያል።

ይህን የረብሻ ትዝታ በቀመር ለመያዝ የመጀመሪያውን መንገድ የከፈተው አሜሪካዊው ሮበርት ኤንግል ነው። አርች የተባለውን ሞዴሉን በ1982 ያሳተመው የብሪታንያን የዋጋ ግሽበት ይዞ ነበር፤ በ2003 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከክላይቭ ግሬንጀር ጋር ተጋርቷል። ተማሪው የነበረው ዴንማርካዊው ቲም ቦለርስሌቭ በ1986 ሐሳቡን አስፍቶ ዛሬ ጋርች የምንለውን ሞዴል ሰጠን። ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦

```
σ²(ነገ) = ω + α · r²(ዛሬ) + β · σ²(ዛሬ)
```

σ ለአንድ ቀን የምንጠብቀው የመዋዠቅ ስፋት ነው፤ r ደግሞ በዕለቱ በእርግጥ የታየው ለውጥ በመቶኛ ነው። ለውጡ በራሱ ስለሚባዛ መውጣትና መውረድ እኩል ይቆጠራሉ። እንግዲህ የነገው ግምት ከሦስት ነገሮች ይሠራል፦ ሁልጊዜ ካለው መነሻ፣ ከዛሬው ድንጋጤ፣ ዛሬ ጠዋት ከነበረን ግምት። α ገበያው ምን ያህል ደንጋጣ እንደሆነ፣ β ደግሞ ትዝታው ምን ያህል እንደሚቆይ ይነግረናል።

ወደ ፓውንድ እንመለስና እናስላ። ለማሳያ ω 0.007፣ α 0.06፣ β 0.92 ይሁኑ፤ ለዕለታዊ ምንዛሪ የተለመዱ ዓይነት ቁጥሮች ናቸው። ከድምፁ በፊት የነበረው ግምት በቀን 0.8 በመቶ ነበር እንበል። አርብ 8 በመቶ ወረደ፤ ከተጠበቀው ስፋት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ለሰኞ የሚሆነው ስሌት እንዲህ ይመጣል፦ 0.007፣ ሲደመር 0.06 በ64፣ ሲደመር 0.92 በ0.64። ድምሩ 4.44 ገደማ ነው፤ ካሬ ሥሩ 2.1 በመቶ ይሆናል።

አንድ የባንክ የሥጋት ክፍል ከመቶ ቀን በአንዱ ብቻ የሚታለፍ የኪሳራ ወሰን ሊያበጅ ይፈልጋል እንበል። በተለመደው የደወል ቅርጽ ስርጭት ስፋቱን በ2.33 ያባዛል። በአሮጌው ግምት ወሰኑ 1.9 በመቶ ነበር፤ የሰኞው ውድቀት ይህን ጥሶ ያልፋል። በአዲሱ ግምት ግን ወሰኑ 4.9 በመቶ ስለሆነ ሰኞ በውስጡ ይውላል። ሞዴሉ አርብን አስቀድሞ አላየም፤ የአርብን ትርጉም ግን ለሰኞ አድርሷል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ረብሻው መቼ ይበርዳል የሚለው ነው። α እና β ሲደመሩ 0.98 ነው፤ ከወትሮው ያለፈው ትርፍ በየቀኑ በ2 በመቶ ይቀንሳል ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ግማሹ እስኪጠፋ 34 የሥራ ቀናት፣ ሰባት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የሞዴሉ ደካማ ጎን የሚታየውም እዚህ ነው። ከሰባት ሳምንት በኋላም በቀን 1.5 በመቶ ያህል መዋዠቅን ይጠብቃል፤ ፓውንድ ግን ከዚያ በፊት ረግቶ ነበር። ብዙ ጊዜ በአንድ ምሽት የሚመጣ ግዙፍ ዝላይ፣ ቀስ በቀስ ከተጠራቀመ ረብሻ ይልቅ ፈጥኖ ይረሳል፤ ጋርች ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ስለዚህ በኋላ የመጡ ሞዴሎች በጣም ትልቅ ለውጥ ሲመጣ ድንጋጤውን ቀነስ አድርገው ይወስዳሉ።

ሞዴሉ መሥራቱን የምናውቅበት ቀላል መንገድ አለ። የየቀኑን ለውጥ ለዚያ ቀን በተገመተው ስፋት እናካፍላለን። ሞዴሉ ትዝታውን በትክክል ከያዘ፣ የተገኙት ቁጥሮች ትልቁም ትንሹም እንደመጣ ተበትነው ይታያሉ። አሁንም ትላልቆቹ በአንድ ሰፈር ከተሰበሰቡ ሞዴሉ ያልያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን መሣሪያ በብር ላይ ልሞክረው የሚል የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ይመልከት። ከጁላይ 2024 በፊት የነበረው ይፋዊ የብር ተመን በገበያ የሚወሰን አልነበረም፤ በየዕለቱ በጥቂት ሳንቲም፣ ከሞላ ጎደል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄድ ነበር። ለጋርች ይህ ፍጹም ሰላም ነው። ጁላይ 29 ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ዘለለ። ረብሻው ከዚያ በፊትም ነበር፤ ይፋዊው ተመን አላሳየውም እንጂ በትይዩ ገበያው ዋጋና በባንኮች የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጋርች የሚያስታውሰው በቁጥር ተመዝግቦ የተሰጠውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ቀመሩን ከማስኬዱ በፊት የዕለቱን ለውጥ በወረቀት ላይ ይሳለውና ይየው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይንቀሳቀስ ቀጥ ያለ መስመር ካገኘ፣ እያነበበ ያለው የአስተዳዳሪውን ውሳኔ እንጂ የገበያውን ትንፋሽ አይደለም።