ከቦርሳው ፎቶ ሥር ምን ይጻፍ?

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ በእጅ የተሰፋ የቆዳ ቦርሳ በቴሌግራም ለሽያጭ ቀርቧል። ከፎቶው ሥር «ተወዳዳሪ የሌለው፣ እንከን የለሽ፣ ልዩ ጥራት» ተብሏል። ቆዳው የበሬ ይሁን የበግ፣ በምን እንደለፋ፣ ማንገቻው እንዴት እንደተያያዘ ግን አንድም ቃል የለም። ሠሪው በወስፌ ሲበሳ የዋለበት ሥራ በማንኛውም የፋብሪካ ዕቃ ላይ ሊለጠፍ የሚችል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ያናድዳል።

1. እንስሳው ይጻፍ። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ስስና ለስላሳ በመሆኑ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስም አለው። ሸክም ለሚይዝ ማንገቻ ግን ይለጠጣል። አካሉ የበግ፣ ማንገቻው የከብት ከሆነ ሁለቱም ይነገር።

2. ስፌቱ ይጻፍ። «የእጅ ሥራ» ማለት ብቻ አይበቃም። በእጅ ሲሰፋ የአንድ ክር ሁለት ጫፎች በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። የመኪና ስፌት ግን የላይና የታች ክር የተያያዘበት ነው፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው እየላላ ሊተረተር ይችላል። ገዢው ይህን ካወቀ ዋጋው ለምን እንደሚለይ ይገባዋል።

3. እንከኑስ? ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው።

ከደባርቅና ከዳባት ዙሪያ ደጋ የሚመጣ የበግ ቆዳ ላይ ነቁጥ ማየት የተለመደ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ እከክ ይባላል። የሚያመጡት ቅማልና ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ ዝንብ ናቸው፤ በጉ ሲነከስ ቆዳው ይቆጣል። ጠጉሩ እስኪነሳ ድረስ ጉዳቱ አይታይም፤ ስለዚህ ነጋዴው ጥሬውን ሲገዛ አያውቀውም። ከለፋ በኋላ ግን ይወጣል፤ ያን ጊዜ አንዳንዱ በወፍራም ቀለም ይሸፍነውና «እንከን የለሽ» ብሎ ይሸጣል። ቀለሙ መታጠፊያው ላይ ሲሰነጠቅ የተሸፈነው እንከን ይወጣል፤ የሚጠየቀውም ቦርሳውን የሰፋው ነው። ይህን ሁሉ እያወቁ ለወጣት ሠሪዎች «ማራኪ ቃላት ተጠቀሙ» ብለው የሚያሠለጥኑ ተቋማት አሉ። ከዚያ ይልቅ ነቁጡን በፎቶ አሳይቶ ከምን እንደመጣ መጻፍን ቢያስተምሩ ይጠቅማሉ።

ለምሳሌ እንዲህ ቢባል ገዢው ሁሉን በእጁ ይመረምራል፦

«አካሉ የበግ፣ ማንገቻውና ታችኛው ክፍል የከብት ቆዳ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በክሮም የለፋ። በሁለት መርፌ በእጅ ተሰፍቷል፤ ማንገቻው የተያያዘበት ቦታ ድርብ ስፌት አለው። በስተኋላው በኩል ከእከክ የቀሩ ሦስት ትናንሽ ነቁጦች አሉ፤ ጥንካሬውን አይቀንሱም፣ በሁለተኛው ፎቶ ይታያሉ። ዝናብ ከነካው ጥላ ውስጥ ይድረቅ።»

በክሮም የለፋውን «ተፈጥሯዊ፣ ኬሚካል የሌለው» ማለትም ሌላው ውሸት ነው። ቀለም ያልጠለቀበት የክሮም ቆዳ ጫፉ ላይ ሲቆረጥ መሐሉ ሰማያዊ ግራጫ ይመስላል፤ በዕፅዋት የለፋው ቡናማ ነው። ገዢው የተቆረጠውን ጫፍ ጠጋ ብሎ ቢያይ ሊለየው ይችላል።