ያልተገዛ ወንበር ዕዳ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድርጅት ወንበርም ይግዛ ጎማ፣ ግዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሦስት ፕሮፎርማ በመሰብሰብ ነው። የግዢ ሠራተኛው መርካቶ ወጥቶ ሱቆቹን ያዳርሳል፤ እያንዳንዱ ሻጭ ዋጋውን በወረቀት ጽፎ፣ ማኅተሙን መትቶ ይሰጠዋል። መኪናው የተጋጨበት ሰውም ጋራዥ ሄዶ ለኢንሹራንሱ ፕሮፎርማ ያስወጣል። አስመጪው ደግሞ የውጭ አገር ሻጩ የላከለትን ፕሮፎርማ ይዞ ኤልሲ ለማስከፈት ባንክ ይሄዳል። ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ ግዢ ላይ አይደርሱም። ሦስት ሲሰበሰቡ ሁለቱ እንደሚወድቁ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚሰበሰቡትም ለማወዳደር ነው።

ቀድሞ እነዚህ ወረቀቶች የግዢ ፋይል ውስጥ ገብተው እዚያው ይቀሩ ነበር። አሁን ግን ሠራተኛው ገና ሱቁ በር ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሣቸውና በቴሌግራም ለፋይናንስ ክፍል ይልካቸዋል። ፋይናንስ ክፍሉ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ካለው፣ ፎቶዎቹ ከእውነተኛ ደረሰኞች ጋር ተቀላቅለው እዚያ ይገባሉ። ሶፍትዌሩ የሻጩን ስም፣ የቲን ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ዝርዝርና ጠቅላላ ዋጋውን ለቅሞ ወደ ሂሳብ መዝገብ ይልካል። በማግሥቱ መዝገቡ ሲታይ ድርጅቱ ያልገዛውን ዕቃ ዕዳ ተሸክሞ ይገኛል።

እዚህ ላይ ማሽኑ ቁጥር አልተሳሳተም። ሁሉንም በትክክል አንብቦ ሊሆን ይችላል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ፕሮፎርማ ላይ የማይገኝ፣ ኢንቮይስ ላይ ግን የሚገኝ ነገር በጣም ጥቂት ነው። ሁለቱም ሻጭ አላቸው፣ ገዢ አላቸው፣ ተከታታይ ቁጥር፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ 15 በመቶ ቫት፣ ከታች ጠቅላላ ድምርና ፊርማ አላቸው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ደግሞ የተሠሩት የሚሰጣቸው ምስል ኢንቮይስ ነው ብለው በመነሣት ነው። የዋጋ ማቅረቢያ ቢሰጣቸውም ባዶ ሳጥኖቻቸውን እየሞሉ እንዲህ ያለ ውጤት ያወጣሉ፦

```
invoice_no: PF-0412
subtotal:   168000.00
vat:        25200.00
total:      193200.00
due_date:   +15 days
```

የመጀመሪያውን መስመር እዩት። ቁጥሩ በ`PF` ይጀምራል፤ ይህ ሻጮች ለፕሮፎርማ የሚሰጡት የተለመደ ምልክት ነው። ሳጥኑ ግን የኢንቮይስ ቁጥር የሚባል ስለሆነ እዚያ ገብቷል። የመጨረሻው መስመር ይብሳል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን የጸና ነው» የሚል ነው፤ ሻጩ ዋጋውን ሳይጨምር የሚቆይበትን ጊዜ መናገሩ ነበር። ማሽኑ ግን 15 ቀኑን የክፍያ ቀነ ገደብ አድርጎ ወሰደው። ክፍያ በቀነ ገደቡ መሠረት በራሱ በሚዘጋጅበት ቢሮ፣ ይህ መስመር ብቻውን ላልመጣ ዕቃ የክፍያ ማዘዣ ሊያወጣ ይችላል።

ርእሱ ካልተነበበ ደግሞ የሚያስጠነቅቅ ነገር አይቀርም። ፎቶ አንሺው የወረቀቱን አናት ቆርጦት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወይን ጠጁ ማኅተም «ፕሮፎርማ» የሚለው ቃል ላይ አርፏል። አማርኛ የማያነብ ቅንብርም ሌላው ምክንያት ነው። ለምሳሌ ቴሰራክት የተባለው ነጻ የጽሑፍ ማንበቢያ፣ ቋንቋ ካልተነገረው የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ `-l amh+eng` ተብሎ ካልታዘዘ «የዋጋ ማቅረቢያ» የሚለውን ርእስ ወደ ትርጉም የለሽ ፊደላት ይለውጠዋል፤ ቁጥሮቹን ግን አሳምሮ ያነባል። ዋጋው ይተርፋል፣ ወረቀቱ ምን እንደሆነ የሚናገረው ቃል ይጠፋል።

ለመሆኑ ፕሮፎርማ ለምን ዕዳ አይሆንም? ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ሥርዓት ዕዳን የሚያውቀው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ድርጅቱ ዛሬ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ ግዴታው ገንዘብ ወይም ሌላ ሀብት አሳልፎ መስጠትን የሚጠይቅ መሆን አለበት፤ ግዴታውን የፈጠረውም ቀድሞ የተፈጸመ ድርጊት መሆን ይኖርበታል። ፕሮፎርማ የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው። ዕቃ አልመጣም፣ አገልግሎት አልተሰጠም፤ ገዢው «እሺ» እንኳ አላለም።

ሕጉ ከዚህም አልፎ ነገሩን ይገለብጠዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1690፣ የመቀበያ ጊዜ ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ በሐሳቡ ይገደዳል ይላል። ስለዚህ «ለ15 ቀን የጸና» የሚል የዋጋ ማቅረቢያ ማንንም የሚያስር ከሆነ የሚያስረው ሻጩን ነው። በገዢው መዝገብ ላይ ዕዳ ብሎ መጻፍ የታሰረውን ሰው መሳት ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል የቫት ተመዝጋቢ የሆነ አንድ ሆቴል ለአዳራሹ 40 ወንበር ፈልጎ ሦስት ፕሮፎርማ አሰባሰበ እንበል። የመጀመሪያው ሻጭ አንዱን ወንበር በ4,200 ብር፣ ሁለተኛው በ4,450፣ ሦስተኛው በ4,600 ብር አቀረቡ። ቫት ሲጨመር ጠቅላላው 193,200፣ 204,700 እና 211,600 ብር ይሆናል። ሦስቱም ፎቶዎች ወደ ሶፍትዌሩ ገቡ፤ ሦስቱም ተመዘገቡ። ተከፋይ ሂሳቡ በ609,500 ብር አበጠ፤ በሌላ በኩል ንብረቱ በ530,000፣ ተቀናሽ የሚጠየቅበት ቫት ደግሞ በ79,500 ብር ጨመረ። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ስለሆነ ሚዛኑ ምንም አይናገርም። አዳራሹ ውስጥ ግን አንድም ወንበር የለም።

ቀጥሎ ሆቴሉ የመጀመሪያውን ሻጭ መረጠ፤ ቦታው ስለጠበበም 36 ወንበር ብቻ ገዛ። እውነተኛው ደረሰኝ የመጣው በ173,880 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ቫቱ 22,680 ብር ነው። ይህም ሲመዘገብ ለወንበር የተጻፈው ዕዳ 783,380 ብር ደረሰ። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚጠብቀው የሶፍትዌሩ መቆጣጠሪያ ለምን ዝም አለ? የሚያመሳስለው የሻጭ ስም፣ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ነው። ሁለቱ ፕሮፎርማዎች ከሌላ ሻጭ ናቸው። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ ከደረሰኙ ጋር የሻጭ ስም ብቻ ይጋራል፤ ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ ብሩም የተለየ ነው። ለመቆጣጠሪያው እነዚህ አራት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው።

ባለቤቱን በመጀመሪያ የሚያስደነግጠው የዕዳው ቁጥር ይሆናል፤ እኔ ግን የበለጠ የምፈራው ቫቱን ነው። የተጋነነ ዕዳ በቢሮ ውስጥ ሊታረም ይችላል። በወሩ መጨረሻ በማስታወቂያው ላይ 22,680 ብር መቀነስ የሚገባው ሆቴል 102,180 ብር ከቀነሰ ግን ስሕተቱ ከቢሮው ወጥቶ ታክስ ባለሥልጣኑ ጋ ደርሷል። በግዢ ላይ የተከፈለ ቫት የሚቀነሰው ሕጋዊ የታክስ ደረሰኝ ሲኖር ነው። ኦዲተር መጥቶ የ79,500 ብሩን ደረሰኝ ሲጠይቅ የሚቀርቡለት ሦስት ፕሮፎርማዎች ናቸው፤ ገንዘቡ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይጠየቃል።

መከላከያው የሥራውን ቅደም ተከተል መቀየር ነው። ሶፍትዌሩ «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ይደረጋል። ወረቀቱ ላይ ፕሮፎርማ፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ኮቴሽን ወይም ግምት የሚል ቃል፣ በ`PF` ወይም በ`QT` የሚጀምር ቁጥር፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ ወይም የማስረከቢያ ጊዜ ተስፋ ከተገኘ፣ ንባቡ ለማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ይቀመጣል እንጂ ወደ ተከፋይ ሂሳብ አይሄድም። ምልክቶቹ አለመገኘታቸው ግን አይበቃም፤ የተቆረጠውን ፎቶ አስታውሱ። ደረሰኝ መሆኑን በአዎንታ የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። በካሽ ሬጅስተር ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ የፊስካል ደረሰኙና በላዩ ያለው የኤፍ ኤስ ቁጥር ነው፤ በእጅ ተሞልቶ የሚያያዘው ኢንቮይስ ላይ እንኳ ያለ ፊስካል ደረሰኝ ዋጋ እንደሌለው ብዙ ጊዜ ታትሞበት ይገኛል። ሁለቱም ወገን ምልክት ያጣ ፎቶ ሰው እስኪያየው ይቆያል። ይህ ሥራ ያዘገያል ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እውነት ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

ሁለተኛው በር የዕቃ መረከቢያ ሰነዱ ነው። የግዢ ትዕዛዝ፣ የመጋዘን መረከቢያና የሻጭ ደረሰኝ ሦስቱ ሳይገጥሙ ዕዳ የማይመዘግብ ቢሮ፣ ማሽኑ ፕሮፎርማውን ደረሰኝ ቢለውም አይታለልም፤ ላልመጣ ወንበር የመጋዘን ሠራተኛው አይፈርምምና። ይኸው በር በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። አንዳንዴ ሻጩ ዕቃውን አስረክቦ ደረሰኙን ያዘገያል፤ በእጅ ያለው ወረቀት ፕሮፎርማ ብቻ ይሆናል። ያኔ ዕዳ አለ፤ የሚመዘገበው ግን በመረከቢያው መሠረት፣ ደረሰኝ ያልመጣለት ዕዳ ተብሎ ነው። ቫቱ ደረሰኙን ይጠብቃል።

ቅድመ ክፍያም ብዙ ሰው ያደናግራል። ሻጩ በፕሮፎርማው ላይ 30 በመቶ ቅድሚያ ጠይቆ ሆቴሉ ቢከፍል፣ ገንዘቡ ከባንክ ወጥቶ ለሻጭ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ ተብሎ በንብረት በኩል ይመዘገባል። ዕዳ ያለበት ሻጩ ነው፤ ወይ ወንበር ወይ ገንዘብ መመለስ አለበት። ሶፍትዌሩ ፕሮፎርማውን አስቀድሞ ዕዳ አድርጎት ከነበረ ግን ክፍያው ያንን ዕዳ የቀነሰ መስሎ ይቀመጣል፤ ሻጩ ያለበት ግዴታ ከመዝገቡ ይጠፋል።

ስሕተቱ ቀድሞ የገባበት ቢሮ ዱካውን የሚያገኘው ክፍያ ካልተነካቸው የቆዩ ተከፋይ ሂሳቦች ነው። ሦስት የተለያዩ ሻጮች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ብዛት አቅርበው ከተገኙ የውድድር ፕሮፎርማ መሆናቸው አያጠራጥርም። ለሻጩ ደውሎ የሂሳብ መግለጫ ማስላክም ይረዳል፤ ያልሸጠው ዕቃ በእሱ መዝገብ ላይ የለም። የተገኘው ምዝገባ አይሰረዝም፤ በተቃራኒ ምዝገባ ይመለሳል፣ ፎቶውም ከመነሻው የግዢ ጥያቄ ጋር ይያያዛል። የወሩ ቫት ቀድሞ ከተገለጸ የተስተካከለ ማስታወቂያ ማስገባት ይከተላል፤ ይህም ኦዲተሩ ሳይመጣ ቢሆን ይሻላል።