«ባልዲው ተገዝቷል»፦ ልደቷን ሳታውቅ ለማዘጋጀት

የባለቤትዎን 40ኛ ዓመት ልደት ሳታውቅ ሊያከብሩላት አስበዋል እንበል። ከዘመድ ወዳጆቿ ጋር በቴሌግራም ቡድን ትመካከራላችሁ። ስልክዎ ጠረጴዛ ላይ ሳለ መልእክት ሲገባ፣ ማሳያውን ካልዘጉት በቀር፣ ስልኩ ተቆልፎም የቡድኑ ስምና የመልእክቱ መጀመሪያ ብቅ ሊሉ ይችላሉ። «የልደት ዝግጅት» የሚል ከታየ ምሥጢሩ አበቃ። የምሥጢር ስም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንዳንዶች ለባለ ልደቷ የሌላ ሴት ስም ያወጣሉ። ይህን አያድርጉ! «ሳራ ቅዳሜ 10 ሰዓት ትመጣለች፤ ሚስቴ እንዳትሰማ» የሚለውን ባለቤትዎ ብታነብ ምን ይሰማታል? ደስታ የታሰበበት ሳምንት የእንባ ሳምንት ይሆናል። ስሙ የሰው ሳይሆን የዕቃ ይሁን፤ «እንዳትሰማ» የሚሉ ቃላትም ይቅሩ።

የሚመረጠው ጉዳይ ተራ፣ ወንዱም ሴቱም ሊነጋገርበት የሚችል፣ እርሷ ግን ኃላፊነት የሌለባት ይሁን። ለምሳሌ የቡድኑ ስም «የቀለም ሥራ» ይሁን። ባለ ልደቷ «ቀለሙ»፣ ኬኩ «ባልዲው»፣ እንግዶቹ «ብሩሾች»፣ የግብዣው ቤት «ክፍሉ» ይባሉ። እንግዲህ «ባልዲው ተገዝቷል። 12 ብሩሽ አለን። ብሩሾች 9 ሰዓት ተኩል ክፍሉ ውስጥ ይሁኑ፤ ቀለሙ 10 ሰዓት ይደርሳል» ተብሎ ይጻፋል። ቀኑና ሰዓቱ እንዳለ ይቀመጥ፤ እርሱንም ከለወጡት እንግዶቹ ይሳሳታሉ። ከአራትና ከአምስት ስሞች በላይ አያብዙ፤ ከበዛ አንዱ «ባልዲ ማለት ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላውም «ኬኩ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ትርጉሙ በቡድኑ ውስጥ ፈጽሞ አይጻፍ። ለእያንዳንዱ ሰው በአካል ወይም በስልክ ይነገር።

የምሥጢር ስም የማይሸፍነው ነገርም አለ። ስሟ የተጻፈበት የኬክ ፎቶግራፍ ያለ ቃል ይናገራል። የድምፅ መልእክትም ሳሎን ውስጥ ሲከፈት ለሁሉም ይሰማል፤ በድምፅም ቢሆን «ቀለሙ» ይበሉ። መልእክቱ በስህተት እርሷ ወዳለችበት የቤተሰብ ቡድን ቢሄድ ደግሞ ቶሎ ለሁሉም ይሰረዝ። ቀድማ ብታነበው እንኳ ያየችው ስለ ብሩሽና ባልዲ ነው።

ባለቤትዎ «ይህ የቀለም ሥራ ምንድን ነው?» ብላ በቀጥታ ብትጠይቅስ? የምሥጢር ስሙ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። የሌለ ቤት እየቀባችሁ እንደሆነ አድርገው ውሸት አይደራርቡ። «አሁን አልነግርሽም፤ ቅዳሜ ማታ ስልኬን ሰጥቼሽ ሁሉንም ታነቢዋለሽ» ይበሏት። ምናልባት ትጠረጥር ይሆናል፤ የምትጠረጥረው ግን ግብዣ እንጂ ክህደት አይሆንም። ቅዳሜ ማታም ቃልዎን ይጠብቁ፤ ስልኩን ይስጧት።