«ደካማ ጎንሽስ?» ሲባል

በሥራ ቃለ መጠይቅ «ጠንካራ ጎንሽን ንገሪን» ሲባል መልሱ ብዙም አያስቸግርም። «ደካማ ጎንሽስ?» ሲባል ግን ብዙዎች ድክመት አስመስለው ራሳቸውን ያሞግሳሉ፦ «ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም»፣ «ሁሉም ነገር ፍጹም ካልሆነ አልረካም»። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው የተሸፈነ ጉራ በግልጽ ከመኩራራትም ሆነ ከማማረር ይልቅ እንደሚያስጠላ አሳይቷል። ሰሚው ቅንነት እንደጎደለው ይገባዋል።

ለሒሳብ ሠራተኛነት የምትወዳደር አንዲት ወጣት እንዲህ ብትመልስ ግን ነገሩ ይለያል፦

«እ… ሲቸግረኝ ቶሎ አልጠይቅም። ራሴ ልወጣው ብዬ እቆያለሁ። ባለፈው መሥሪያ ቤቴ የወር መጨረሻ ሒሳብ ከባንኩ ጋር ሳስታርቅ 900 ብር ልዩነት መጣብኝና ግማሽ ቀን ስፈልግ ዋልኩ። በኋላ አለቃዬን ስጠይቃት ‹ልዩነቱ ለዘጠኝ ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጦ እንዳይሆን እዪ› አለችኝ። እውነትም 5,400 የነበረውን 4,500 ብዬ መዝግቤዋለሁ። አሁን ግማሽ ሰዓት ፈልጌ ካጣሁ የሞከርኩትን ጽፌ ይዤ እጠይቃለሁ። አሁንም አንዳንዴ እዘገያለሁ፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም።»

መልሱ ተነግሮ የሚያልቀው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነው። የሚያሳምነው 900 ብሩ ነው፤ የሆነ ነገር ያለፈበት ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ዝርዝር በቀላሉ አያመጣም። «አሁንም አንዳንዴ እዘገያለሁ» የሚለውም ዋጋ አለው። ድክመቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ማለት ለጠያቂው አይዋጥለትም።

የድክመቱ ምርጫ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህችው ወጣት «ቁጥር ላይ እዘናጋለሁ» ብትል ሥራው የሚጠይቀውን ዋና ነገር ራሷ አፈረሰችው ማለት ነው። ለመጠየቅ ማመንታት በአንጻሩ እውነተኛ ችግር ቢሆንም የሚታረም ነው።

በቃል የተሸመደደ መልስ የሚጋለጠው ቀጣዩ ጥያቄ ሲመጣ ነው። ጠያቂው «እስቲ በቅርቡ የጠየቅሽውን ንገሪን» ሲል የሸመደደው ሰው ዝም ይላል፣ ወይም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይደግማል። አንድ ቃል ሲረሳም ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። ስለዚህ ሲዘጋጁ ሙሉውን መልስ መጻፍ አይበጅም። ወረቀት ላይ «አለመጠየቅ፣ 900 ብር፣ ግማሽ ሰዓት፣ አሁንም አንዳንዴ» ብቻ ይሰፍርና ታሪኩ ለጓደኛ ወይም ለእህት ድምፅ አውጥቶ ይነገራል፤ በየጊዜውም በሌላ አነጋገር። ጓደኛዋም ያልተጠበቀ ጥያቄ በመሃል ብታስገባ ልምምዱ ይበረታል።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራችሁ አንባቢዎች፣ የሰው ታሪክ አትዋሱ። ከገዛ ሥራችሁ አንድ እውነተኛ ቀን ምረጡና ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተርኩለት።