የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄን ከውል አንቀጽና ከማስረጃ ጋር አያይዞ እንደገና መጻፍ

የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ በግንባታ ውል ውስጥ ሥራ ተቋራጩ ከእሱ ጥፋት ውጭ በሆነ ምክንያት ስለ ዘገየ የማጠናቀቂያው ቀን እንዲገፋለት የሚያቀርበው ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ ተቋራጩ ለተራዘመለት ጊዜ የመዘግየት ካሳ አይከፍልም። ብዙ ጥያቄዎች ውድቅ የሚሆኑት መዘግየቱ ስላልነበረ ሳይሆን፣ ደብዳቤው የችግሮች ዝርዝር ብቻ ሆኖ እያንዳንዱ ችግር በየትኛው አንቀጽ መብት እንደሚሰጥና በምን እንደሚረጋገጥ ስለማያሳይ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ እንዴት ተፈትቶ እንደሚጻፍ ከዚህ በታች በአንድ ለማስረዳት በተዘጋጀ ምሳሌ ይታያል።

ምሳሌው የዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ቀይ መጽሐፍ» የውል ሁኔታ ይከተላል። በሌሎች እትሞች የአንቀጾቹ ቁጥር ይለያያል፦ ለምሳሌ ማራዘሚያው በ1987ቱ አራተኛ እትም አንቀጽ 44፣ በ2017ቱ ደግሞ ንዑስ አንቀጽ 8.5 ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመጥቀስ በፊት የተፈረመውን ውል፣ በተለይም ልዩ ሁኔታዎቹን መክፈት ያስፈልጋል።

== የመጀመሪያው ደብዳቤ ==

ተቋራጩ በ400 ሚሊዮን ብር የአስፋልት መንገድ ይሠራል እንበል። ሥራው ከውሉ ቀን 100 ቀን ዘግይቷል። ውሉ ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን የውሉን ዋጋ 0.1 በመቶ ካሳ ስለሚያስከፍል በተቋራጩ ላይ የተጋረጠው ዕዳ 40 ሚሊዮን ብር ነው። ደብዳቤው በአንድ ገጽ እንዲህ ይላል፦ በወሰን ማስከበር ችግር 70 ቀን፣ በዲዛይን መዘግየት 35 ቀን፣ በዝናብ 40 ቀን፣ በሲሚንቶ እጥረት 45 ቀን፣ በክፍያ መዘግየት 20 ቀን፣ በድምሩ 210 ቀን ይሰጠን።

መሐንዲሱ ጥያቄውን አልቀበልም አለ። ድምሩ ራሱ ያስጠረጥራል። 100 ቀን የዘገየ ሥራ 210 ቀን ማራዘሚያ ሲጠይቅ፣ የተደራረቡ ቀናት ሁለት ጊዜ እንደ ተቆጠሩ ወይም ብዙዎቹ የማጠናቀቂያውን ቀን እንዳልነኩ አንባቢው ወዲያው ይረዳል።

እንደገና መጻፍ የሚጀምረው ለእያንዳንዱ ምክንያት አራት ጥያቄ በመመለስ ነው። ምን ሆነ፣ መቼ ጀምሮ መቼ አበቃ? የትኛው አንቀጽ ለዚህ ጊዜ ይሰጣል? በጊዜው ማስታወቂያ ተሰጥቷል? የማጠናቀቂያውን ቀን ስንት ቀን ገፋ? ለእያንዳንዱ መልስ ቁጥር የተሰጠው አባሪ ሰነድ ሊኖር ይገባል። አባሪ የሌለው ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ይወጣል፤ ተቋራጮች በጣም የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው።

== ወሰን ማስከበር ==

ከኪ.ሜ 6+200 እስከ 7+800 ባለው ክፍል የነበሩ ቤቶች አልተነሡም ነበር። «የወሰን ማስከበር ችግር» የሚለው አነጋገር በውሉ ውስጥ የለም። በውሉ ያለው ንዑስ አንቀጽ 2.1 ነው፦ አሠሪው በጨረታው አባሪ በተጻፈው ጊዜ፣ ጊዜ ካልተጻፈም የሥራ ፕሮግራሙ በሚጠይቀው ጊዜ ቦታውን ማስረከብ አለበት። ካላስረከበና ተቋራጩ ከዘገየ ጊዜና ወጪ፣ ተመጣጣኝ ትርፍም ጭምር፣ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል። ማራዘሚያው ራሱ የሚሰጠው በንዑስ አንቀጽ 8.4 ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይጠቀሳሉ።

በፕሮግራሙ መሠረት የአፈር ሙሌቱ የካቲት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. መጀመር ነበረበት፤ ቦታው የተለቀቀው ግን ሚያዝያ 25 ቀን ነው። ልዩነቱ 70 ቀን ነው። ይህ ክፍል ግን በፕሮግራሙ 12 ቀን ትርፍ ጊዜ (ፍሎት) ነበረው፤ 12 ቀን ቢዘገይም የመንገዱ ማጠናቀቂያ አይነካም ነበር። ስለዚህ የሚጠየቀው 58 ቀን ነው። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦

«በንዑስ አንቀጽ 2.1 መሠረት ከኪ.ሜ 6+200 እስከ 7+800 ያለው ቦታ የካቲት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሰጠን ሲገባ (አባሪ 1፣ የጸደቀ ፕሮግራም) የተሰጠን ሚያዝያ 25 ቀን ነው (አባሪ 2፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ)። ማስታወቂያ የካቲት 20 ቀን ሰጥተናል (አባሪ 3)። በመካከሉ ቤቶቹ እንደነበሩ አባሪ 4 ያሳያል። 12 ቀን ትርፍ ጊዜ ተቀንሶ የማጠናቀቂያው ቀን በ58 ቀን ተገፍቷል (አባሪ 5)። በንዑስ አንቀጽ 8.4 መሠረት 58 ቀን እንጠይቃለን።»

አባሪ 4 መሐንዲሱ በየቀኑ የፈረመበት የሳይት ደብተርና ቀን ያለባቸው ፎቶግራፎች ናቸው። ተቋራጩ ራሱ በኋላ ካዘጋጀው ሠንጠረዥ ይልቅ፣ ችግሩ በነበረበት ዕለት የተጻፈና የሌላው ወገን ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ይበልጣል።

የማስታወቂያው ቀን ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ይወስናል። በንዑስ አንቀጽ 20.1 ተቋራጩ ክስተቱን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ዝርዝሩን የሚያቀርበው በ42 ቀን ውስጥ፣ እዚህ ላይ እስከ መጋቢት 27፣ ነው። በዚያን ቀን ቤቶቹ ገና ስላልተነሡ የቀረበው ዝርዝር እንደ ጊዜያዊ ተቆጥሮ በየወሩ ይታደሳል፤ የመጨረሻው የሚቀርበው የክስተቱ ውጤት ካበቃ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው።

== ዝናቡ ==

ከሁሉ ይልቅ በደንብ መጻፍ የሚጠይቀው ይህ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለዝናብ 40 ቀን ሲጠይቅ አንቀጽ አልጠቀሰም፤ መሐንዲሱም ንዑስ አንቀጽ 8.4ን ጠቅሶ መለሰ። ያ አንቀጽ ለዝናብ ጊዜ የሚሰጠው ዝናቡ ከተለመደው እጅግ የተለየ ሲሆን ብቻ ነው። የአቅራቢያው የሜትሮሎጂ ጣቢያ የ10 ዓመት መዝገብ ሲታይ የዚያ ዓመት ሐምሌና ነሐሴ እንደ ሌላው ዓመት ነበሩ። በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት መዝነቡን ተቋራጩ ዋጋ ሲሰጥ ያውቃል። በዚህ መንገድ ከሄደ መልሱ ዜሮ ነው።

ነገር ግን ሙሌቱ ለምን በክረምት ተሠራ? በፕሮግራሙ ከየካቲት 15 እስከ ሰኔ 10፣ ማለትም ዋናው ዝናብ ሳይገባ ሊያልቅ ነበር። ቦታው ሚያዝያ 25 ስለተሰጠ ያው 115 ቀን እስከ ነሐሴ 20 ተገፋ። ስለዚህ ተራው የክረምት ዝናብ ሥራውን ያገኘው አሠሪው ቦታውን ዘግይቶ ስላስረከበ ነው። ምክንያቱ ዝናብ ሳይሆን የቦታው ርክክብ ስለሆነ የሚጠቀሰው አንቀጽ እንደገና 2.1 ነው። የሜትሮሎጂው መዝገብም ዝናቡ ልዩ ነበር ለማለት ሳይሆን፣ በየትኞቹ ቀናት እንደ ዘነበ ለማሳየት ይያያዛል።

ከዚያ ቀኖቹ ይጣራሉ። የሳይት ደብተሩ ሙሌቱ የቆመባቸውን 40 ቀናት ያሳያል፤ ከእነዚህ ውስጥ በ5ቱ ዝናብ አልነበረም፣ የቆመውም የተቋራጩ ሮለር ስለተበላሸ ነው። 35 ይቀራል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ደግሞ ከሙሌቱ ቀጥሎ የሚመጣውን የጠጠር ንጣፍ በክረምት ስላስቀመጠው ለዝናብ 9 ቀን ጨምሮለት ነበር። ያ ሥራ አሁን ወደ በጋ ስለተገፋ 9ኙ ቀን አያስፈልግም። ቀሪው 26 ቀን ነው። ይህን ቅነሳ ተቋራጩ ራሱ ቢያደርገው ይሻላል፤ መሐንዲሱ ካገኘው የቀሩትንም ቁጥሮች በጥርጣሬ ያያል።

ማስታወቂያስ? የየካቲት 20ው ደብዳቤ ስለ ቦታው ርክክብ ስለሆነና በየወሩ የታደሰው ዝርዝር የዝናቡን ቀናት እንደ ርክክቡ ውጤት ስላካተተ ይሸፍነዋል። ወርኃዊው ዝርዝር ባይቀርብ ኖሮ ይህ 26 ቀን በጣም አከራካሪ ይሆን ነበር።

== ማስረጃ ቢኖርም ቀን የማያስገኝ ምክንያት ==

በኪ.ሜ 11+400 ያለው ካልቨርት ሥዕል ሰኔ 1 ተፈልጎ ሐምሌ 6 ወጣ፤ 35 ቀን ዘገየ። ንዑስ አንቀጽ 1.9 ለዚህ መብት ይሰጣል፤ ተቋራጩም ሥዕሉ መቼና ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ በጽሑፍ አሳውቋል። አንቀጹም ማስረጃውም አለ። ካልቨርቱ ግን ከመጀመሪያው 20 ቀን ትርፍ ጊዜ ነበረው፤ የመንገዱ ማጠናቀቂያ በቦታው ርክክብ ምክንያት 58 ቀን ሲገፋ ትርፉ ወደ 78 ቀን አደገ። የ35 ቀኑ መዘግየት በዚያ ውስጥ ስላለቀ የማጠናቀቂያውን ቀን አልነካም። ጊዜ አይጠየቅበትም፤ የካልቨርቱ ቡድን ሥራ ፈትቶ ከሆነ በዚያው አንቀጽ ወጪው ለብቻ ይጠየቃል።

== የሚወጡት ==

ለክፍያ መዘግየት ንዑስ አንቀጽ 14.8 የሚሰጠው የፋይናንስ ወጪ እንጂ ጊዜ አይደለም። ጊዜ የሚገኘው ተቋራጩ በንዑስ አንቀጽ 16.1 መሠረት ከ21 ቀን ያላነሰ ማስታወቂያ ሰጥቶ ሥራውን ካቆመ ወይም ካቀዘቀዘ ነው። ይህ ተቋራጭ ማስታወቂያውን ስላልሰጠ 20ው ቀን ይወጣል።

ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። ንዑስ አንቀጽ 8.4 የሚቀበለው አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችልና በወረርሽኝ ወይም በመንግሥት እርምጃ የመጣ እጥረት ነው። የገበያ መወደድ ወይም የፋብሪካ ወረፋ አይበቃም። ስርጭቱን የገደበ መመሪያ፣ ከመመሪያው በፊት የተሰጠ የግዢ ትዕዛዝና ፋብሪካው ማቅረብ አልችልም ያለበት ደብዳቤ ቢኖሩ ጥያቄው ይቆም ነበር። በዚህ መዝገብ የተገኘው የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ነው።

የተጻፈው አዲስ ጥያቄ 84 ቀን ነው፦ 58 ለቦታው ርክክብ፣ 26 ለርክክቡ ውጤት። 210 ቀን ከጠየቀው ደብዳቤ በጣም ያነሰ ይመስላል። ተቀባይነት ካገኘ ግን ካሳ የሚታሰብበት መዘግየት ከ100 ወደ 16 ቀን፣ ዕዳውም ከ40 ሚሊዮን ወደ 6.4 ሚሊዮን ብር ይወርዳል። መሐንዲሱ ዝርዝሩን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ42 ቀን ውስጥ መቀበሉን፣ ወይም አለመቀበሉን ከዝርዝር ምክንያት ጋር፣ መግለጽ አለበት፤ እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው አንቀጽና አባሪ ስላለው መልሱም ምክንያት በምክንያት መሆን ይኖርበታል።