ፍርሃት ነው ወይስ ያልገባኝ?

ከፈተና በኋላ «እቤት ሳለሁ እኮ እሠራው ነበር» የሚል ተማሪ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ግን ሞዴል ፈተናን ለውጤት ሳይሆን ለምርመራ መጠቀም ያስፈልጋል።

ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትዘጋጅ አንዲት ተማሪ እናስብ። 60 ጥያቄ ያለው የሒሳብ ወረቀት ወስዳ በ120 ደቂቃ ልትጨርስ ተቀመጠች። ስልኳ ከክፍሉ ወጥቷል፣ ደብተሩ ተዘግቷል፣ ሻይ ለማፍላት ሰዓት አይቆምም። (አብዛኛው የቤት ሞዴል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።) 27 አገኘች። በማግስቱ የሳተቻቸውን 33 ጥያቄዎች ያለ ሰዓት፣ መልሱን ሳታይ ደግማ ስትሞክር 14ቱን ሠራች። እንግዲህ 19ኙ ያልገባት ትምህርት ነው፤ 14ቱ ግን የምታውቀው ሆኖ በጥድፊያና በድንጋጤ ያመለጣት። ጭንቀት ሲይዘን ሐሳባችን በስጋቱ ይያዛል፤ ለስሌቱ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

የጥናት ዕቅዷ ከዚህ ይነሳል። 19ኙን በየምዕራፋቸው ለይታ በሳምንቱ ቀናት ታከፋፍላለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ሞዴል ትቀመጣለች። ለ14ቱ ግን መጽሐፍ መደጋገም አይረዳም። ወረቀቷን ስትመረምር አንድ ጥያቄ ላይ ተጣብቃ 12 ደቂቃ እንዳቃጠለች፣ የመጨረሻዎቹን ስምንት ደግሞ እንዳልደረሰችባቸው ታያለች። ስለዚህ በቀጣዩ ሞዴል ሁለት ደቂቃ ያለፈበትን ምልክት አድርጋ ትዘለዋለች፣ መጨረሻ ላይ ትመለስበታለች። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፤ ጥያቄ ሲዘለል መልስ መስጫው ላይም ቁጥሩ ካልተዘለለ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በተሳሳተ ቦታ ይጠቁራል። በመሆኑም ልምምዱ በእርሳስ እያጠቆሩ ቢሆን ይሻላል።

ጭልም ሲልባት የምታደርገውንም አስቀድማ ትለማመዳለች፦ እርሳሱን ማስቀመጥ፣ ትንፋሽን በዝግታ ማስወጣት፣ ከዚያ እርግጠኛ የሆነችበትን አንድ ቀላል ጥያቄ ፈልጋ መሥራት።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ይህ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ከቤት ርቆ ዶርም ማደርና በር ላይ መፈተሽም ለብዙ ተፈታኞች የፈተናው አካል ሆነዋል። ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች የፈተናው ቀን ልምምድ ይሁኑ፦ ያለ ስልክ ማንቂያ 12 ሰዓት መነሳት፣ የለመዱትን ቁርስ መብላት፣ መታወቂያና አድሚሽን ካርድ፣ እርሳስና ላጲስ በአንድ ቦርሳ መያዝ፣ ወደማያውቁት ክፍል፣ ቢቻል ወደ ትምህርት ቤት፣ ሄዶ በፈተናው ሰዓት መጀመር። ወንድም እንደ ፈታኝ ቢቆም፣ «30 ደቂቃ ቀረ» ብሎ ቢያስደነግጥም መልካም ነው።

ከሦስት ሞዴል በኋላ ያለ ሰዓት የሚመለሱት ስህተቶች ቁጥር ካልቀነሰ፣ ወይም እንቅልፍ ጠፍቶ ከሰነበተ፣ አራተኛ ሞዴል አይጨመር፤ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ወይም ሐኪም ማነጋገር ይቅደም።